ሽሮው አንድ፣ ከረጢቱ ሦስት

መነሻ

የእናቴን ምጥን ሽሮ በግማሽ ኪሎ እያሸግን ባሕር ዳር ውስጥ ለአራት የሰፈር ሱቆችና ለአንድ ሱፐርማርኬት እናስረክባለን። እስካሁን የምናሽገው ውስጡን በሚያሳይ ላስቲክ ከረጢት ነበር። ላዩ ላይ አንዲት ስቲከር ትለጠፋለች፣ አለቀ።

ሙሉ በሙሉ የታተመ ፓውች፣ ማለትም በራሱ የሚቆም ከረጢት፣ ለማሠራት ስልክ ደውዬ ጠየቅኩ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የማተሚያ ሲሊንደር ይቀረጻል፣ ትንሹ ትእዛዝ ደግሞ በብዙ ሺህ ነው የሚጀምረው። ይህን ሁሉ ብር አፍስሼ የሚያየው ቢጠፋስ? ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ ሞክአፕ፣ ማለትም የሙከራ ናሙና፣ ሠርቼ ላወዳድር ወሰንኩ። የማየው ሦስት ነገር ነው፦ ከመደርደሪያ ላይ ዓይን ይገባል ወይ? የተጻፈው ይገባል ወይ? ሰው ሲያየው ጥሩ ሽሮ ይመስለዋል ወይ?

1ኛ ሳምንት፦ ሞክአፕ

ሦስት ዓይነት ሠራሁ፣ ከእያንዳንዱ 12።

«ሀ» የቆየው የሚያሳየው ላስቲክ ነው፣ ስቲከሩ ብቻ በአዲስ ተሠራ። «ለ» ክራፍት ከሚባለው ቡናማ ወረቀት የተሠራ ፓውች ነው፤ ዚፐር ያለው፣ ፊቱ ላይ ረዘም ያለ መስኮት ያለው። «ሐ» ነጭ ፓውች ገዝቼ ዙሪያውን በሙሉ በጥቁር አረንጓዴ ስቲከር የሸፈንኩት ነው፤ የፋብሪካ ኅትመት እንዲመስል። ውስጡ ምንም አይታይም።

ወጪ፦ ከረጢቶቹ 588 ብር፣ የስቲከር ኅትመት 1,440 ብር። ከኅትመቱ ውስጥ 360 ብሩ በስህተቴ የተጣለ ነው።

ስህተቱ ይሄ ነው። ሽሮ ላለማባከን ብዬ ከረጢቶቹን በተጨማደደ ጋዜጣ ሞላኋቸው። ፎቶ ላይ በጣም አማሩ። አንዱን በእውነተኛ 500 ግራም ሽሮ ስሞላው ግን ሌላ ዕቃ ሆነ። ዱቄት ወደ ታች ይወርዳል። ሆዱ ይነፋል፣ ላይኛው ሲሶ ይሸበሸባል። እኔ ደግሞ «ሽሮ» የሚለውን ጽሑፍ ያስቀመጥኩት እዚያው ላይኛው ሲሶ ላይ ነበር። ከፊት ለፊት ሲታይ «ሽ» ብቻዋን ቀረች፣ «ሮ» እጥፋቱ ውስጥ ገባች። ሦስት ሉህ ስቲከር ተጣለ። ጽሑፉን ወደ ሆዱ አወረድኩትና በድጋሚ አሳተምኩ።

ሁለተኛው ችግር ባጃጅ ላይ ታየ። «ለ»ን ሞልቼ፣ አሽጌ ከሽምብጥ መሃል ከተማ ድረስ ይዤው ሄጄ ተመለስኩ። ሽሮው እየተንቀጠቀጠ ሁለት ጣት ያህል ሰጥሟል። መስኮቱ ላይኛው ክፍል ላይ ባዶ ቦታ ያሳያል። እናቴ አየችውና «ይሄንን ጎደሎ ነው ይሉሻል» አለች። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 500 ግራም ልክ ነው፤ ግን ሱቅ ውስጥ ማን ይመዝናል? መስኮቱ ከፋብሪካ ተቆርጦ ስለሚመጣ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ስቲከሩን ረዘም አድርጌ የመስኮቱን ላይኛ ግማሽ ሸፈንኩት። አሁን የሚታየው ሁልጊዜ ሙሉ የሆነው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ የሽሮ ብናኝ ዚፐሩ ጥርስ ውስጥ ከገባ አይዘጋም፣ በእሳት ሲታሸግም ያ ቦታ ላይ አይያያዝም። ከወረቀት ሰፊ ማንቆርቆሪያ ሠርቼ አፉን ሳልነካ መሙላት ጀመርኩ። ከማሸጌ በፊት አፉን በደረቅ የቀለም ቡሩሽ እጠርገዋለሁ።

በዚሁ ሳምንት ለብቻው አንድ ሙከራ ጀመርኩ። አንድ «ለ» ወስጄ የመስኮቱን ግማሽ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ ፀሐይ የሚመታው የቤታችን መስኮት ላይ አቆምኩት። ውጤቱን በኋላ።

2ኛ ሳምንት፦ ከመደርደሪያ ላይ መታየት

እስከዚህ ድረስ ሞክአፖቹን የማየው ጠረጴዛ ላይ፣ አፍንጫዬ ሥር ነበር። አንድ ደንበኛችን የሆኑ ባለሱቅ መደርደሪያቸው ላይ እንዳስቀምጥ ፈቀዱልኝ። የሰፈር ሱቅ እንደሚታወቀው ነው፦ ገዢው ውጭ ይቆማል፣ መሃል ላይ ባንኮኒ አለ፣ ዕቃው ከባለሱቁ ጀርባ ነው። ሜትር ዘርግቼ ለካሁ። ገዢው ከቆመበት እስከ መደርደሪያው 2 ሜትር ከ40 ነው።

ገዢው ከሚቆምበት ቦታ፣ በዓይን ከፍታ፣ በስልክ ፎቶ አነሳሁ። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ 1 ሰዓት ላይ አምፖል ሲበራ። ከዚያ ፎቶዎቹን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኳቸው። ይህ ነፃ ፈተና ነው፤ ቀለሙ ሲወጣ የሚቀረው የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ብቻ ነው። በደበዘዘ ብርሃን ውስጥ ዓይን የሚይዘው ያንን ነው።

ክራፍቱ ጠፋ። በግራው የፓስታ ካርቶን፣ ከጀርባው የመደርደሪያው እንጨት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ። በጣም የምወደው እሱን ስለነበር ቅር አለኝ። «ሀ»ም ከጎኑ ካለው በርበሬ ጋር ተቀላቀለ፤ ሁለቱም ቀይ ቡናማ ዱቄት በላስቲክ ናቸው። «ሐ» ማታ ላይ አረንጓዴነቱ ቀርቶ ጥቁር መሰለ፤ ግን በላዩ ያለው ነጭ ጽሑፍ ከሩቅ ይጮኻል።

ዓይኔን ስላላመንኩ ሰዎችን ፈተንኩ። የማታውን ፎቶ በስልክ አሳይቼ «ሽሮ የቱ ጋ ነው? በጣትሽ ንኪ» እላለሁ፣ በሌላ ስልክ ሰከንድ እቆጥራለሁ። አንድ ሰው አንድ ፎቶ ብቻ ያያል። ሁለተኛውን ካየ ቦታውን ስለሚያስታውስ አይጠቅምም።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰዎች መልስ ጣልኩት። የጠየቅኳቸው በንግድ ስማችን ነበር፣ ማለትም በእናቴ ስም። ማንም አያውቀውም፤ ሁሉም ግራ ተጋብተው ፊደል ሲፈልጉ ቆዩ። እውነተኛ ገዢ ደግሞ ሱቅ ሄዶ የሚለው «ሽሮ አለ?» ነው። ያኔ ነው የገባኝ፦ ስቲከሩ ላይ የእናቴ ስም ትልቅ ነው፣ «ሽሮ» የሚለው ትንሽ። ተገላቢጦሽ ነው። (እናቴ ይህን ውሳኔ እስካሁን አልተቀበለችውም።)

ሦስቱንም ስቲከሮች አስተካክዬ፣ ፎቶውን በድጋሚ አንስቼ በ24 ሰዎች ሞከርኩ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት ስምንት ስምንት። መካከለኛው ሰው «ሐ»ን በ2 ሰከንድ፣ «ሀ»ን በ4 ከግማሽ፣ «ለ»ን በ7 ሰከንድ አገኘ። «ለ»ን ካዩት ስምንት ሰዎች ሦስቱ የሌላ ሰው ሽሮ ላይ ነው ጣታቸውን ያሳረፉት። ከሰከንዱ ይበልጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ስለ ፊደል መጠንም በዚሁ ተማርኩ። «ሽሮ» የሚለውን በተለያየ ቁመት አትሜ፣ ቆርጬ መደርደሪያው ላይ ለጠፍኩ። በማታው አምፖል 10 ሚሊሜትር የሆነው አልተነበበም፤ ሰው ይገምታል እንጂ አያነብም። 20 ሚሊሜትር ቀን ላይ ይሠራል። ማታም እንዲነበብ 30 አካባቢ ያስፈልጋል። ደግነቱ ቃሉ ሁለት ፊደል ነው፤ እንደ ልብ ማስፋት ይቻላል። ውፍረቱ ግን ልክ አለው። Noto Sans Ethiopic በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ላይ በጣም ወፍራሙን ስመርጥ የ«ሮ» ቀለበት ተደፈነ፣ «ሽ»ም ከ«ሸ» አልለይ አለች። አንድ ደረጃ ቀነስኩ።

3ኛ ሳምንት፦ የተጻፈው ይገባል?

እዚህ 12 ሰው ነው የጠየቅኩት። ከረጢቱን እጃቸው ላይ ሰጥቼ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፦ ስንት ግራም ነው? ጨው አለው? ከምን ተሠራ? እስከ መቼ ይቆያል? መልሱን ከጽሑፉ አግኝተው በጣታቸው እንዲያሳዩኝ ነው የምፈልገው።

ግራሙ ቀላል ነበር። ጨው ላይ «ምጥን» የሚለው ቃል ራሱ ችግር ሆነ። አንዷ ምጥን ከሆነ ጨዉም አለበት ትላለች፣ ሌላዋ ቅመሙ ብቻ ነው ትላለች። የኛ ጨው አለው። እንደገና ጨው የምትጨምር ሰው ደግሞ ወጡን ጣለችው ማለት ነው። አሁን ፊት ለፊት «ጨው አለው» ይላል፣ ሁለት ቃል።

ቀኑ ግን ጉድ ነው። ስቲከሩ ላይ የመጠቀሚያ ጊዜ «08/2018» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ሚያዝያ 2018 ለማለት። አንድ የሱፐርማርኬት ዕቃ ተረካቢ ልጅ አየውና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ያለፈበት ነው» አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሚያየው ከውጭ የገባ ዕቃ ነው። ለእሱ 08/2018 ማለት የፈረንጅ ኦገስት ነው፣ ሰባት ዓመት ያለፈው። ወደ ፈረንጆቹ ቀይሬ «04/2026» ብዬ ስሞክር ደግሞ አንዲት እናት «ስምንት ዓመት ይቆያል እንዴ? ምን አድርገውበት ነው?» አሉ። ቁጥር ብቻውን አይበቃም። አሁን «እስከ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.» ብዬ ወሩን በፊደል እጽፋለሁ። ቦታ ይበላል፣ ይብላ።

ከሁሉም የበለጠው ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው። ከ12ቱ ዘጠኙ በራሳቸው «ጓያ የለበትም አይደል?» አሉኝ። የኛ አገር ሰው ይህን መጠየቁ አይገርምም። በፎገራና በደንቢያ ጓያ ይዘራል፤ አዘውትሮ በብዛት የበላውን እግር እንደሚያሽመደምድ ሁሉም ያውቃል። እኔ የሽሮውን ይዘት ከጀርባ በደቃቃ ፊደል ጽፌዋለሁ፤ ሽምብራና አተር ይላል። ግን አንድም ሰው አገላብጦ አላነበበም። እኔ ፊታቸው ስለቆምኩ እኔን ጠየቁ። ሱቅ ውስጥ የሚጠይቁት ባለሱቁን ነው፣ እሱ ደግሞ አያውቅም።

ስለዚህ «ሽምብራና አተር፤ ጓያ የለበትም» የሚለው ወደ ፊት መጣ። ከመጻፌ በፊት ግን ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አንዴ ከተጻፈ ቃል ነው። አተሩን በክክ ከገዛን ጓያ ቢቀላቀልበት መለየት ከባድ ነው፤ ከተከካ በኋላ ይመሳሰላሉ። ድፍኑ ግን ይለያል፦ አተር ድቡልቡል ነው፣ ጓያ ጥርስ የመሰለ ማዕዘን አለው። ከአሁን በኋላ ድፍን ገዝተን፣ ለቅመን፣ ራሳችን እናስከካለን። ስቲከር ላይ አንድ መስመር ለመጨመር ብዬ ለእናቴ የግማሽ ቀን ሥራ ጨመርኩባት።

4ኛ ሳምንት፦ ጥሩ ይመስላል?

በመጀመሪያው ቀን ራሴ ጠየቅኩ። «የትኛው ያምራል?» «ሁሉም ቆንጆ ነው፣ በርቺ።» አሥር ሰው፣ አሥር «በርቺ»። ይሉኝታ ነው፤ ዓይኔን እያዩ ማን ይነቅፋል? ከመልሱ አንዱንም ደብተር ላይ መጻፍ አልቻልኩም።

በሁለተኛው ቀን ማንም የማያውቃት የአጎቴ ልጅ ጠየቀች። ጥያቄውንም ቀየርነው። ይወዱት እንደሆነ አንጠይቅም። አንዱን ከረጢት ብቻ አሳይታ «ይሄ ስንት የሚሸጥ ይመስልሻል?» ትላለች። ሰው በዋጋ ላይ ይሉኝታ አይይዘውም። 30 ሰው፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት አሥር አሥር። ሽሮው አንድ ነው፣ ከአንድ ወፍጮ የወጣ። እኛ የምንሸጠው በ180 ብር ነው። መካከለኛው ግምት ለ«ሀ» 150፣ ለ«ሐ» 170፣ ለ«ለ» 210 ሆነ።

ከመደርደሪያ ላይ የጠፋው ክራፍት እጅ ላይ ሲገባ ከሁሉም ውድ መሰለ። «የቤት ይመስላል»፣ «ንጹሕ ነው» አሉት። ከሩቅ የጮኸው «ሐ» ግን «የፋብሪካ ነው» ተባለ፣ በበጎ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ገለባብጠው መስኮት ሲያጡ «የተደበቀ ነገር ምን እንዳለው ማን ያውቃል?» ብለው መለሱት። ሽሮ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ማየት ይፈልጋል፤ በርበሬው በርታ ብሏል ወይስ ገርጥቷል የሚለውን።

ከዚያ ሦስቱንም አስቀምጣ ሌላ ጠየቀች፦ ለቤትሽ የትኛውን ትወስጃለሽ? አዲስ አበባ ላለ ዘመድ የምትልኪውስ? ለቤት 16ቱ «ሀ»ን መረጡ። ለዘመድ 21ዱ «ለ»ን። እዚህም አንድ ጥንቃቄ አለ። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ትደረድራቸው ነበር፣ መሃል ላይ ያለው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይመረጥ ጀመር። ከአምስተኛው ሰው በኋላ ቦታቸውን እያቀያየረች ቀጠለች፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት በሌላ አምስት ተካን።

በዚሁ ሳምንት የፀሐዩን ሙከራ ከፈትኩ። ሦስት ሳምንት ከምናምን ቆይቷል። ጥቁሩን ፕላስተር ስልጠው ከሥሩ ያለው ሽሮ ቀይ ነው፣ ብርሃን ያገኘው ወገን ገርጥቶ ቢጫ ሆኗል። መሃላቸው ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር አለ። ከረጢቱን ገልብጬ ስነቀንቀው ጠፋ፤ የገረጣው መስኮቱን የነካው ስስ ንብርብር ብቻ ነው። ግን ገዢ የሚያየው ያንኑ ስስ ንብርብር ነው። መስኮት እምነት ያመጣል፣ እዚያው ደግሞ ያረጀ ያስመስላል። ይህ በተለይ ለ«ሀ» መጥፎ ዜና ነው፤ እሱ ሁለመናው መስኮት ነው።

5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ «መ»

ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ትቼ አራተኛ ሠራሁ። ክራፍት ፓውች፣ በሆዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ነጭ መቀነት፣ በላዩ 36 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ጥቁር አረንጓዴ «ሽሮ»። መቀነቱ የመስኮቱን አብዛኛውን ክፍል ሸፍኖ ከታች ሦስት ጣት ያህል ይተዋል። ከ«ሽሮ» ሥር ስለ ጨዉና ስለ ጓያው የተጻፈው። የእናቴ ስም ከላይ በትንሹ።

በጥቁርና ነጭ ፎቶ ነጩ መቀነት ቡናማውን መደርደሪያ ሰንጥቆ ይታያል። አዲስ ስምንት ሰዎች በ2 ሰከንድ ተኩል አገኙት፣ የሌላ ሰው ሽሮ የነካ የለም። በዋጋ ግምት 200 ብር። ከ«ለ» አሥር ብር ወረደ፤ ነጩ ስቲከር የክራፍቱን ውበት ትንሽ ቀንሶታል ማለት ነው። ይሁን።

ከዚያ እውነተኛ ሽያጭ። «ሀ» እና «መ»ን አሥር አሥር አድርጌ፣ በአንድ ዋጋ፣ ለባለሱቁም ለሱፐርማርኬቱም ሰጠሁ። በየሦስት ቀኑ የግራና የቀኝ ቦታቸውን እቀይራለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሱፐርማርኬቱ ከ«መ» ዘጠኝ፣ ከ«ሀ» ሦስት ሸጠ። ሱቁ ግን ከ«መ» ሰባት፣ ከ«ሀ» ስድስት። ለምን እንዲህ ተቀራረበ ብዬ ባለሱቁን ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ሰው ሽሮ ሲለኝ እኔ የማነሳው እጄ ላይ የቀረበውን ነው» አሉ።

አንድ ወር ሙሉ የገዢውን ዓይን ስለካ የባለሱቁን እጅ ረሳሁት። ከዚያ እሳቸው «መ»ን እንደሚመርጡ ነገሩኝ፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው፦ «ይሄኛው ይቆማል። ያኛው ሁልጊዜ እየተንሸራተተ ይወድቅብኛል።» ከሦስቱ መለኪያዬ አንዱም ውስጥ የለም።

ቁጥሩ በጣም ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሱቅ ውስጥ ሰባትና ስድስት ማለት እኩል ማለት ነው። የሱፐርማርኬቱን ግን አምነዋለሁ፤ ገዢው ራሱ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ያነባል።

ዋጋው እንዲህ ነው። «ሀ» ከነስቲከሩ 14 ብር ይፈጃል፣ «መ» 37 ብር። በ180 ብር ዕቃ ላይ 23 ብር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለሱፐርማርኬቱና ሐይቁ ዳር ለተጓዥ ለሚሸጡት «መ»ን በ200 ብር እሰጣለሁ። ለሰፈር ሱቆች «ሀ» ይቀጥላል፣ ግን ነጩን መቀነትና ትልቁን «ሽሮ» አድርጎ፣ ከፀሐይ እንዲያርቁትም ነግሬ። እንዳይወድቅ ደግሞ ስድስት ስድስት የሚይዝ አጭር የካርቶን ሳጥን እየቆረጥኩ ነው።

ትናንት የቀን ማህተም ገዛሁ፣ 650 ብር። ክራፍቱ ላይ ስመታው ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ «ሚያዝያ» የቆሻሻ ጠብታ መሰለ። ነጩ ስቲከር ላይ ደግሞ ሳይደርቅ ከነካሁት ይለቀልቃል። አሁን ስቲከሮቹን ከመለጠፌ በፊት ማታ እመታቸዋለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻቸው አድራለሁ። 40 ያህሉ አሁን ከፊቴ ተዘርግተዋል፣ ድመቷ እንዳትረግጣቸው በሩን ዘግቻለሁ።